የአማካዮች አማካይ፦ ትልቁንና ትንሹን እኩል የመቁጠር ስሕተት
(በደብረ ወርቅ ለወረዳ ባለሙያዎች የቀረበ ዲስኩር)



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ ከየቀበሌው የመጡ መቶኛዎች ወደ አንድ የወረዳ መቶኛ ሲጠቃለሉ የሚፈጸም ስሕተት ነው። በቀላል ምሳሌ ልጀምር። አንድ ቀበሌ ከ400 ሕፃናት 200ውን አስከተበ እንበል፤ አፈጻጸሙ 50 በመቶ ነው። ሌላው ቀበሌ ከ40 ሕፃናት 36ቱን አስከተበ፤ 90 በመቶ ነው። ሁለቱን መቶኛ ደምሮ ለሁለት ያካፈለ ሰው 70 በመቶ ብሎ ይጽፋል። ሕፃናቱን የቆጠረ ግን ከ440 የተከተቡት 236 መሆናቸውን ያያል፤ ይህም ከ54 በመቶ አይበልጥም። የ40 ሕፃናት ቀበሌ ከ400ው ጋር እኩል ድምፅ ስላገኘ ብቻ ወረዳው ያልሠራው ሥራ ሪፖርት ላይ ገባ።

ይህ ስሕተት በአገር ደረጃ ምን ያህል እንደሚያዛባ ለማየት በ2008 ዓ.ም. የተካሄደውን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንውሰድ። ጥናቱ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 በሆኑ ሰዎች ላይ ያገኘው የኤችአይቪ ሥርጭት በመቶኛ እንዲህ ነበር፦ ጋምቤላ 4.8፣ አዲስ አበባ 3.4፣ ድሬዳዋ 2.5፣ ሐረሪ 2.4፣ አፋር 1.4፣ ትግራይ 1.2፣ አማራ 1.2፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ 1.0፣ ኦሮሚያ 0.7፣ የያኔው ደቡብ 0.4፣ ሶማሌ ከ0.1 በታች።

ሶማሌን 0.1 ብለን አሥራ አንዱን ብንደምር 19.1 ይሆናል። ለ11 ሲካፈል 1.7 በመቶ ይወጣል። ጥናቱ ራሱ ለአገሪቱ ያወጣው ቁጥር ግን 0.9 በመቶ ነው። 1.7 የ0.9 እጥፍ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው። በ1.7 መድኃኒት የሚያቅድ ሰው ከ1,000 ጎልማሶች 17ቱ ቫይረሱ አለባቸው ብሎ ይቆጥራል፤ በጥናቱ መሠረት ግን 9 ናቸው።

ትርፉ ከየት መጣ? በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ጋምቤላ፣ ሐረሪና ድሬዳዋ አንድ ላይ 830 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበራቸው፤ ይህ ከአገሪቱ ሕዝብ አንድ በመቶ ገደማ ነው። ከ19.1 ውስጥ ግን 9.7ቱን፣ ማለትም ከግማሽ በላዩን፣ ያመጡት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ኦሮሚያ፣ አማራና ደቡብ በአንጻሩ ከአሥር ኢትዮጵያዊ ስምንቱን ይዘው ያዋጡት 2.3 ብቻ ነው።

አሁን ያንኑ ሥራ በትክክል እንሥራው። የእያንዳንዱን ክልል መቶኛ በሕዝቡ ብዛት እናባዛለን፤ ውጤቶቹን ደምረን ለጠቅላላው ሕዝብ እናካፍላለን። በቆጠራው ቁጥር ስሠራው፣ ሲጠጋጋ 0.9 አገኘሁ። በኮምፒውተር ለምትሠሩ፣ መቶኛው በB ዓምድ፣ ብዛቱ በC ዓምድ ካለ ቀመሩ ይህ ነው፦

```
=SUMPRODUCT(B2:B12,C2:C12)/SUM(C2:C12)
```

ስሕተቱን የሚሠራው `=AVERAGE(B2:B12)` ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ማባዣው የዚያው መቶኛ ታሕት መሆን አለበት። ለኤችአይቪው ትክክለኛው ማባዣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሰዎች ብዛት ነው፤ እኔ ጠቅላላ ሕዝቡን የተጠቀምኩት በግምት ስለሚቀራረብ ነው። ለክትባት ግን ማባዣው ክትባቱ የሚገባቸው ሕፃናት እንጂ የቀበሌው ነዋሪ አይደለም። የተጠያቂዎችን ቁጥር እንዳለ መውሰድም አያዋጣም፤ እንዲህ ያሉ ጥናቶች ትንንሾቹ ክልሎች በቂ መረጃ እንዲኖራቸው ከድርሻቸው በላይ ሰው ይጠይቃሉና፣ ያንን ደግሞ በክብደት ያስተካክሉታል።

ተራው አማካይ የማይሳሳትበት ጊዜም አለ። በዚያው ጥናት የሴቶች 1.2፣ የወንዶች 0.6 ነበር፤ የሁለቱ እኩሌታ 0.9 ነው፣ ያው የአገሪቱ ቁጥር። ሴቱና ወንዱ በቁጥር ስለሚቀራረቡ ብቻ ገጠመ። ደግሞም ጥያቄያችሁ «አንድ ክልል በአማካይ ምን ይመስላል?» ከሆነ 1.7 መልስ ነው። «ከሕዝቡ ምን ያህሉ?» ተብሎ ከተጠየቀ ግን መልስ አይደለም።

ስለዚህ ሪፖርት የምትቀበሉ ሁሉ፣ ብቻውን የመጣ መቶኛ አትቀበሉ። ከጎኑ ሁለት ቁጥር ይጻፍ፦ ስንቱ ተከናወነ፣ ከስንት። እነዚህ ከሌሉ ሪፖርቱን ወደ ቀበሌው መልሱት፤ መቶኛን ከመቶኛ ጋር ደምራችሁ ወደ ዞን አትላኩ።