ሥዕሉ ከመታተሙ በፊት ፊደሉ ይነበብ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ለወላጆች በሚያሰራጨው መጽሔት ላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ የመማሪያ ክፍል ሥዕል ሊያትም ነው እንበል።

በመጀመሪያ ሥዕሉን ሁለት እጥፍ አጉልተን የጥቁር ሰሌዳውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል እናንብብ። መሣሪያው ፊደልን እንደ ቅርጽ ስለሚሥል፣ «ለ»ን የሚመስል ነገር ግን በፊደል ገበታ የሌለ ምልክት ሊፈጥር ይችላል፤ ከሩቅ አማርኛ ይመስላል፣ ሲነበብ ግን ቃል አይሆንም። ስሕተት ከተገኘ ሰሌዳው ባዶ ሆኖ እንዲሣል አዝዘን ጽሑፉን ራሳችን በኮምፒውተር እንጻፍበት።

ቀጥሎ ሰንደቅ ዓላማውን እንይ፦ ከላይ አረንጓዴ፣ ከመካከል ቢጫ፣ ከታች ቀይ ነውን? በሰማያዊው ክብ ላይ ያለው ኮከብ 5 ጫፍ አለውን?

በመጨረሻም ሥዕሉ እንከን ባይገኝበትም ክፍሉ በእውን የለም። ወላጆች የልጆቻቸው ክፍል እንዳይመስላቸው ከሥሩ «በኮምፒውተር የተፈጠረ ሥዕል» ተብሎ ይጻፍ።