መስመሩ የማያሳየው ቀን

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ካደረገችው ንግግር)

ስለ ምንዛሪ ተናገሪ ስባል ደንግጬ ነበር። የባንክ ሰው አይደለሁም፤ ሻርጃ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ሠርቼ የተመለስኩ ነኝ። ግን በእነዚያ ዓመታት ከማዳም ልጆች ቀጥሎ አብዝቼ ያየሁት በስልኬ ላይ የነበረውን የድርሃምና የብር መስመር ነው። እዚህ ከተቀመጥነው ብዙዎቻችን ዓረብ አገር ልጅ ወይም እህት ስላለችን፣ ያ መስመር ምን እንደሚያሳይና ምን እንደማያሳይ ልንገራችሁ።

ስልክ ላይ AED to ETB ተብሎ ሲጻፍ የሚወጣው መስመር አንድ ድርሃም በስንት ብር እንደሚመነዘር ያሳያል። ድርሃም ከዶላር ጋር በቋሚ ተመን የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር ሁልጊዜ 3.6725 ድርሃም ነው። የሳዑዲው ሪያልም እንዲሁ በ3.75 ታስሯል። ስለዚህ መስመሩ ሲወጣና ሲወርድ ድርሃሙ ተለውጦ ሳይሆን ብሩ በዶላር ፊት ተለውጦ ነው። ዱባይ ያለችውና ሪያድ ያለችው ልጅ የሚያዩት አንድ ዓይነት መስመር ነው።

መጀመሪያ ላይ መስመሩ በጣም ያታልለኝ ነበር። የአንድ ሳምንቱን ስከፍት ተራራና ገደል ይመስላል። አንድ ማታ "ወደቀ!" ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ካደርኩ በኋላ፣ ጠዋት በጎን በኩል የተጻፉትን ቁጥሮች ሳያቸው ተራራው ከታች እስከ ላይ አሥር ሳንቲም አይሞላም። በ1,000 ድርሃም ሲሰላ መቶ ብር ማለት ነው። ስልኩ ትንሹንም እንቅስቃሴ ስክሪኑ እስኪሞላ ይለጥጠዋል። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ሳላይ መስመሩን አላምንም።

ሌላው ደግሞ፣ በመስመሩ ላይ ያለው ተመን ለእኛ የሚከፈለን አይደለም። ገንዘብ መላኪያ ቤቱ ከዚያ ዝቅ አድርጎ ነው የሚመነዝረው፤ የአገልግሎት ክፍያም ይወስዳል። ለምሳሌ ስልኩ 34 ብር ይላል እንበል። አንደኛው ቤት በ33 ብር ከ30 ሳንቲም መንዝሮ 20 ድርሃም ያስከፍላል። ሁለተኛው በ33 ብር ብቻ ይመነዝራል፤ ክፍያ ግን የለውም። 1,000 ድርሃም የያዘች ልጅ በአንደኛው ብትልክ ከ20ው ቀሪ 980 ድርሃም ተመንዝሮ እናቷ ዘንድ 32,634 ብር ይደርሳል። በሁለተኛው 33,000 ይደርሳል። ተመኑ ዝቅ ያለው ቤት ይሻላል ማለት ነው። ገንዘቡ 3,000 ድርሃም ቢሆን ግን ይገለበጣል፤ አንደኛው 99,234፣ ሁለተኛው 99,000 ያደርሳል። ስለዚህ "ምንዛሪያችሁ ስንት ነው?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም። የሚጠየቀው "ይህን ሰጥቻችሁ አገር ቤት ስንት ብር ይደርሳል?" ነው።

እኔ ግን ስንት ጊዜ ሳምንት ሙሉ ሃያ ሳንቲም ጠብቄ፣ በመጨረሻ በትንሽ በትንሹ ሦስት ጊዜ ልኬ፣ ሦስት ጊዜ 20 ድርሃም ከፍያለሁ! ሃያ ሳንቲሟ በ1,000 ድርሃም 200 ብር ነች። አንዱ 20 ድርሃም ብቻውን ወደ 660 ብር ይሆናል።

አሁን ወደ 2016 ክረምት ልውሰዳችሁ። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የብርን ተመን ለገበያ ሲለቅ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በዚያው ቀን ንግድ ባንክ ላይ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ዘለለ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላም ከመቶ አለፈ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ከሦስት ቀን በፊት ደመወዟን ልካ ስለነበር ለቅሶ ተቀመጠች ማለት ይቻላል። ግን መስመሩን ወደ ኋላ ብታዩት እስከዚያ ቀን ድረስ ዝም ብሎ ዝግ እያለ የሚሄድ ነው፤ ዝላዩን የሚጠቁም ምንም ነገር የለውም። መስመር ያለፈውን ነው የሚያሳየው።

ያን ጊዜ እኔ 1,500 ድርሃም በእጄ ነበር፣ ለእናቴ ቤት ጣሪያ ያጠራቀምኩት። ሐምሌ 25 አካባቢ ብልከው አንድ ድርሃም በ22 ብር ሂሳብ 33,000 ብር ይሆን ነበር። በየቀኑ ሲጨምር እያየሁ ማን ይልካል? "ነገ ይበልጣል" እያልኩ ቆየሁ፤ እውነትም በለጠ። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ በ31 ብር ልኬ 46,500 ብር ደረሰ። 13,500 ብር አተረፍኩ ብዬ ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ።

እናቴን ደውዬ "ጣሪያውን ጀምሪ" ስላት ትንሽ ዝም አለች። ጣሪያው ነሐሴ ላይ አልቋል። ዝናቡ ግድግዳውን እያፈረሰ ሲያስቸግራት ጊደሯን በ21,000 ብር ሸጣ፣ የጎደለውን ከእቁብ ሞልታ ቆርቆሮ ገዝታለች። በክረምት፣ ሁሉ ገንዘብ በሚፈልግበት ወቅት፣ በችኮላ የተሸጠች ጊደር! በኋላ እኔ በላክሁት ገንዘብ እኩያዋን ስንፈልግ 33,000 ብር ጠየቁን። ካተረፍኩት 13,500 ውስጥ 12,000ው እዚያው ቀረ። የመጣችውም ጊደር እንደ ፊተኛዋ አልሆነችም፤ እናቴ እስካሁን ታማርራለች።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። "አንቺ እንደሚመችሽ ትልኪ ብዬ ነዋ፣ ላስጨንቅሽ?" አለችኝ። እኔ መቼ እንደሚያስፈልጋት አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም። ሁለታችንም ተከባብረን ጊደሯን አጣናት።

ከዚያ ወዲህ ገንዘቤን ለሁለት እከፍለው ጀመር። ቀን ያለው ወጪ፣ የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ማዳበሪያ፣ የዕዳ መክፈያ፣ ደመወዝ በተቀበልኩበት ሳምንት ይሄዳል፤ መስመሩን አልከፍትም። ከዚህ ውስጥ ሁለት ወጪ የሚቀራረብ ከሆነ አንድ ላይ አድርጌ አንዴ እልካለሁ፣ ክፍያው እንዳይደገም። ቀን የሌለው፣ ለራሴ የማጠራቅመው ብቻ ነው መጠበቅ የሚችለው። እሱንም ብር አድርጎ ማስቀመጥ ግድ አይደለም፤ ባንኮቻችን በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ይከፍታሉ። ድርሃሙን በማዳም ቤት ፍራሽ ሥር ማስቀመጥ ግን አይሆንም፤ ምን ያደረሰ ነገር እንዳለ ብነግራችሁ አንጨርስም።

በጥቁር ገበያ ስለመላክ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ተመኑ የሚያጓጓ ነው፣ አልዋሽም። ግን ሕገ ወጥ ነው፤ ገንዘቡ ካልደረሰም በእጃችሁ ደረሰኝ የለም፣ የምትከሱት ሰውም የለም። እኔ አንዴ 800 ድርሃም በዚያ መንገድ ጠፍቶብኛል፤ ሰውየው ስልኩን ዘጋ፣ አለቀ።

እናቶቼ፣ ልጆቻችሁ ሲደውሉ "እንደተመቸሽ" አትበሏቸው። ቀኑንና መጠኑን ንገሯቸው። "ምዝገባው ነሐሴ 20 ያበቃል፣ 6,000 ብር ነው" ስትሏት መስመሩን እያየች አትቆይም።

የኔ እናት ማንበብ አትችልም። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ግን የጎረቤቷን ልጅ እያስጻፈች በየወሩ መልእክት ትልክልኝ ነበር። የመጨረሻው እስካሁን ስልኬ ላይ አለ፦ "ማዳበሪያ፣ ሰኔ 5፣ 4,200 ብር። ጊደሯ ደህና ናት። ለራስሽም አስቀሪ።"