ብርድ፣ ከፍታና ጄኔሬተር፦ በሰሜን ሸዋ የቤንዚን ጄኔሬተር የት ይቀመጥ፣ ነዳጅስ መቼ ይሞላ?

ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ቃል



ንግግሬን የምጀምረው በራሴ ቤት ባጋጠመኝ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ደብረ ብርሃን መብራት በጠፋበት አንድ የኅዳር ምሽት፣ ትንሿን የቤንዚን ጄኔሬተር ከኩሽናው ጎን ባለችው ዕቃ ቤት አስቀምጬ አስነሣሁ። ደጅ ባቆማት ትሰረቃለች ብዬ ሰጋሁ፤ ድምጿም ጎረቤት ይረብሻል አልሁ። የዕቃ ቤቱን የውጭ በር ወለል አድርጌ ስለ ከፈትሁ ጥንቃቄ ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ባለቤቴ ራሷን አመማት፤ ልጃችን አስታወከ። እኛም ምክንያቱን በእራቱና በብርዱ አመካኘን። ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ልንወስደው ከቤት ስንወጣ፣ ገና መንገድ ላይ ሳለን ሁለቱም ቀለል አላቸው። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሳይንስ የማስተምር ሰው ሆኜ በቤቴ ተሳሳትሁ። ዛሬ የምናገረው ስሕተቱ ለምን እንደዚያ ቀላል እንደ ሆነ ነው።

መነሻዬ አንድ ነው፦ የአገራችን ብርድና ከፍታ ስለ ቤንዚን ሁለት ሐሰት ይነግሩናል። የመጀመሪያው፣ «በዚህ ብርድ እሳት በቀላሉ አይነሣም» የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ «ጭስ ካልታየና ካልሸተተ አየሩ ደኅና ነው» የሚለው ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ብዙዎቻችን ያደግነው በኩራዝ ብርሃን ነው። የኩራዙ ነጭ ጋዝ በቀዝቃዛ ክፍል ወለል ላይ ቢፈስስ፣ ክብሪት ቢጠጋውም ወዲያው አይያያዝም። ሊቀጣጠል የሚችል ትነት የሚሰጠው ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ስለ ሆነ ነው። እጃችን የለመደው ይህን ፈሳሽ ነው። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት ይሰጣል። የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ለቤንዚን ብርድ አይደለም። ስለዚህ በውርጭ ሌሊት የፈሰሰ ቤንዚን በሞቃት ቀን እንደ ፈሰሰው ሁሉ አደገኛ ነው።

ትነቱ ደግሞ ከአየር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ይከብዳል። ወደ ላይ ተነሥቶ አይበተንም፤ እንደ ውኃ መሬት ለመሬት ይፈስሳል። አንኮበርን የምታውቁ ቤቶቹ በተዳፋት ላይ እንዴት እንደ ተሠሩ ታውቃላችሁ። ከላይኛው ግቢ የተቀዳ ቤንዚን ትነቱ ደረጃውን ወርዶ፣ በታችኛው ቤት ደጃፍ ቡና የሚፈላበትን የከሰል ምድጃ ሊያገኝ ይችላል። ነበልባሉም በመጣበት መንገድ ተመልሶ ወደ ጀሪካኑ ይወጣል። ስለዚህ ነዳጅ የሚሞላ ሰው በአጠገቡ ሲጋራ አለመኖሩን ማየት ብቻ አይበቃውም። ቁልቁለቱ ወዴት እንደሚወርድና ከታች ምን እንደሚነድድ አስቀድሞ ማየት አለበት።

ከፍታችን በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 72 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ይህም 72 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይሆናል። የተለመደ ቤንዚን በ38 ዲግሪ የሚያሳየው የትነት ግፊት ወደ 60 ኪሎ ፓስካል ይጠጋል። በአብዛኞቹ ትንንሽ ጄኔሬተሮች የነዳጁ መያዣ፣ መካኒኮቻችን ሰልባትዮ የሚሉት፣ ከሞተሩ በላይ ተቀምጦ ይሞቃል። ነዳጁ 45 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የትነቱ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር ይተካከላል፤ ይኸውም ቤንዚኑ እዚያው ሊፈላ ይደርሳል ማለት ነው። በባሕር ጠረፍ ግን በዚያው ሙቀት ለመፍላት ገና ብዙ ይቀረዋል። ሞተሩ እንደ ቆመ ክዳኑን የከፈተ ሰው ፉጨት ከሰማ ወይም ነዳጅ ቢረጨው ምክንያቱ ይህ ነው። የሚረጨው ነዳጅ ደግሞ ከጎኑ ባለው በጋለው ማርሚታ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ያም ያለ ብልጭታ ሊያቀጣጥለው ይበቃል።

እንግዲህ የአሞላሉ ሥርዓት ከዚህ ይከተላል። በቅድሚያ ሞተሩ ይጥፋ። ከዚያም ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ፤ የሰልባትዮው ብረት በመዳፍ ሲነካ ሙቀት የማይሰማ እስኪሆን መጠበቅ ነው። ክዳኑ በአንድ ጊዜ አይከፈትም፤ በጥቂቱ ላላ ተደርጎ ትነቱ እስኪወጣ ይጠበቃል። ነዳጁ በማጥለያ ወይም አፈ ቀጭን በሆነ መቅጃ በዝግታ ይቀዳል። እስከ አፉ አይሞላም፤ ሲሞቅ የሚሰፋበት ሁለት ሦስት ጣት ያህል ቦታ ይቀርለታል። የፈሰሰ ካለ ተጠርጎ እስኪደርቅ ይቆያል፤ የጀሪካኑም ክዳን ተገጥሞ ጀሪካኑ ከራቀ በኋላ ሞተሩ ይነሣል። ብርሃን ካስፈለገ የእጅ ባትሪ እንጂ ሻማ ወይም ጧፍ አይያዝም።

ሰው ይህን የማይጠብቀው ባለማወቅ ብቻ አይደለም። ነዳጁ የሚያልቀው በጨለማ፣ ሥራው በሚጣደፍበት ሰዓት ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠራ ተማሪ ወረፋ የያዘ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀው 20 ደቂቃ መታገሥ ይከብደዋል። መፍትሔው ሒሳብ ነው። አራት ሊትር የሚይዝና በሰዓት አንድ ሊትር የሚፈጅ ጄኔሬተር ከአራት ሰዓት አያልፍም። ስለዚህ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ከምሽቱ በፊት ሙሉ ይደረግ፤ ሥራው ከአራት ሰዓት የሚበልጥ ከሆነም የ20 ደቂቃው ዕረፍት ከመጀመሪያው በዕቅድ ይያዝ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሐሰት እንለፍ። የካርቦን ሞኖክሳይድን ነገር በከሰል ጭስ ታውቁታላችሁ፤ በር ዘግቶ በከሰል ምድጃ ሲሞቅ የተኛ ሰው ሳይነቃ መቅረቱን ያልሰማ የለም። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። ስኮትላንዳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ሃልዴን በ1890ዎቹ በገዛ አካሉ ላይ እየሞከረ ያጠናው ይህንኑ ነበር። የጄኔሬተር ሞተር ግን ከከሰል ምድጃ እጅግ በላይ ያወጣል። በከፍታችንም ይብሳል፤ ለቆላ አየር የተስተካከለ ካርቡራተር በቀጭን አየር ውስጥ ቤንዚኑን በአየሩ ልክ ሳይቀንስ ስለሚያሳልፍ ቃጠሎው ጎደሎ ይሆናል። ምልክቱ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ፣ ጠቆር ያለ ጭስና ከተጻፈበት አንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ጉልበት ነው።

አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። ክፍሉ ሦስት ሜትር በአራት፣ ቁመቱም ሁለት ሜትር ተኩል ይሁን፤ 30 ሜትር ኩብ ነው። ጄኔሬተሩ በሰዓት አንድ ሊትር ቤንዚን ሲያቃጥል፣ በእኛ ግፊት 12 ሜትር ኩብ ገደማ የተቃጠለ ጋዝ ያወጣል። ከዚህ ውስጥ አራት በመቶው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው ብንል፣ በሰዓት ግማሽ ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። በ30 ሜትር ኩብ ውስጥ ይህ ከሚሊዮን 16,000 እጅ ያህል፣ በየደቂቃው ደግሞ 270 እጅ ገደማ ማለት ነው። ለሕይወት ወዲያውኑ አደገኛ ተብሎ የተወሰነው መጠን 1,200 ነው። በአምስት ደቂቃ ይደረስበታል። በተከፈተ በር ግማሹ ይወጣል ብንል እንኳ አሥር ደቂቃ ነው። እኔ በከፈትሁት በር የተማመንሁት ይህን ሳላሰላ ነው። ጋዙ ከአየር ጋር ክብደቱ ስለሚቀራረብ ከአየሩ ጋር ይዋሐዳል፤ ዕቃ ቤት ቢለቀቅ በጓዳው በር አልፎ መኝታ ቤት ይደርሳል።

ስለዚህ ቦታው ደጅ ነው፤ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ የጭስ ማውጫውም ከቤቱ ተቃራኒ ዞሮ። በረንዳ፣ ኮሪደር፣ ሦስት ወገኑ በግንብ የተከለለ ጥግ፣ በመስኮት ሥር ያለ የጣራ ጠርዝ እንደ ቤት ውስጥ ይቆጠራሉ። ከራሳችን መስኮት ስናርቀው ከጎረቤት መስኮት ሥር እንዳናስጠጋው ደግሞ መለካት አለብን፤ በተጠጋጉ ግቢዎች ይህ ዘወትር ይረሳል። በአንኮበር ገደል አፋፍ ነፋሱ አቅጣጫውን ስለሚለውጥ፣ በነፋስ አቅጣጫ ሳይሆን በርቀት መተማመን ይሻላል። የሌባው ሥጋት እውነት ነው፤ መልሱ መሬት በተቀበረ ብረት ላይ በሰንሰለት ማሰር ነው። ለዝናቡ ጣራ ያለው፣ አራቱም ጎኑ ክፍት የሆነ ዳስ ይበቃል። ለርቀቱም ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ ያስፈልጋል፤ ቀጭን ገመድ ራሱ ይግልና ሌላ እሳት ይሆናል።

በመጨረሻ፣ ስሕተቱ ከተፈጸመ እንዴት እናውቃለን? ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ይታያል፤ ትኩሳት ግን የለም። ከሁሉ የሚለየው በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ መታመማቸውና ደጅ ሲወጡ መሻላቸው ነው። ያን ጊዜ ሰዎቹ መጀመሪያ ይወጣሉ፤ ሞተሩን ለማጥፋት ተብሎ ወደ ጋዙ አይገባም። ቀጥሎም ሐኪም ቤት ነው፤ ቢሻላቸውም። ጋዙ በተራ አየር ከደም እኩሌታው ለመውጣት ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይወስድበታል፤ በንጹሕ ኦክስጅን ግን ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ። የጤና ሳይንስ ተማሪዎች አንድ ነገር አደራ፦ በጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን አይለየውም፤ በሽተኛው እየታፈነ ሳለ 98 ሊያሳያችሁ ይችላል። መሣሪያውን ሳይሆን «ቤት ውስጥ ምን ይነድ ነበር?» ብላችሁ የምትጠይቁትን ጥያቄ እመኑ።

እኔ ቤት ያን ሌሊት ይህን ጥያቄ የጠየቀን አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም። ጄኔሬተሯ ዛሬ ከግቢያችን ጥግ በሰንሰለት ታስራ ትውላለች፤ ከመስኮታችን ዘጠኝ እርምጃ ትርቃለች። ድምጿ ይሰማል፤ ጎረቤቶቼም ምክንያቱን ስለ ነገርኋቸው ታግሠውኛል።