ከሥራ የራቅንባቸው ዓመታት በሲቪያችን ላይ
(በአባላት ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ብዙዎቻችንን የነካ ጉዳይ ነው። እናት ስናስታምም፣ ራሳችን ታመን ስንተኛ ወይም ዐረብ አገር ሄደን ስንመለስ በሲቪያችን ላይ ባዶ ዓመታት ይቀራሉ። እነዚህን ዓመታት እንዴት እንጻፋቸው? ባለፉት ወራት አባላት ያመጧቸውን ሲቪዎች አብረን ስናይ ሁለት ዓይነት ሰው አጋጥሞናል። አንዷ ዓመታቱን ፈጽማ ትዘላቸዋለች። ሌላዋ ደግሞ የሐኪሙን ቃል ሳይቀር ግማሽ ገጽ ታሰፍራለች። ሁለቱም መንገድ እንደሚጎዳ አይተናል።

በሒሳብ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች አልፎ አልፎ ረዳት ሲቀጠር ማመልከቻ እንድናይ እንጠየቃለን። ስለዚህ በጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው ባዶ ዓመት ሲያይ ምን እንደሚያስብ እናውቃለን። በአብዛኛው የሚያሳስበው የበሽታው ስም አይደለም። ማወቅ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው። ያራቃት ምክንያት አብቅቷል ወይ? ከዚያ በፊት ሠራሁ ያለችው እውነት ነው ወይ? ሥራውን ዛሬ ብንሰጣት ትችለዋለች ወይ? ሲቪያችን እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ከመለሰ ይበቃል።

አንድ ሲቪ በዝርዝር እንይ። ባለቤቷ ፈቅዳልናለች፤ ስሟን ግን አንጠራም። በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማዋን የያዘችው በሐምሌ 2002 ዓ.ም. ነው። ከኅዳር 2004 እስከ ሰኔ 2012 በአንድ አስመጪ ድርጅት መጀመሪያ ገንዘብ ያዥ፣ በኋላም የሒሳብ ሠራተኛ ሆና ሠርታለች። በሰኔ 2012 እናቷ በስትሮክ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ሲል ሥራዋን ለቅቃ እስከ ጥር 2016 ስታስታምም ቆየች። እናቷ በዚያ ወር ዐረፉ። ከመጋቢት 2016 ጀምሮ የማኅበራችንን የቁጠባ መዝገብ በበጎ ፈቃድ ትይዛለች።

ሲቪውን ይዛ ስትመጣ ያሳሰባት የእናቷን ሕመም እንዴት እንደምትገልጸው ነበር። እኛ ግን መጀመሪያ ያየነው የዓመተ ምሕረቱን ነገር ነው። ሲቪው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። የዲፕሎማዋን ዓመት ከምስክር ወረቀቱ ስለቀዳችው 2010 ይላል፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለት ነው። የሥራ ዘመኗን ከድርጅቱ የአማርኛ ደብዳቤ ወስዳ 2004 እስከ 2012 ብላዋለች። የማኅበራችንን አገልግሎት ደግሞ እንደገና በፈረንጆቹ 2024 ብላ ጀምራዋለች። የማያውቃት ሰው ሲያነበው ሳትመረቅ ሥራ የጀመረች፣ ከዚያም ዐሥራ ሁለት ዓመት ቤቷ የተቀመጠች ትመስላለች። እውነተኛው ክፍተት ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ብቻ ነው! ስምንት ዓመት ከየትም ሳይሆን ከአቆጣጠሩ መደባለቅ ተጨመረባት። ይህን ያየነው በእሷ ሲቪ ላይ ብቻ አይደለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሲቪው በአማርኛ ከሆነ ሁሉም ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን። በእንግሊዝኛ ከሆነ ሁሉም በፈረንጆቹ ይሁን። ስንቀይር ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ላለው ቀን ሰባት ዓመት እንጨምራለን፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ላለው ስምንት። ስለዚህ ኅዳር 2004 እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2011 ይሆናል፤ ሰኔ 2012 ደግሞ ጁን 2020። ወሩን ካልያዝን የምንጨምረው ሰባት ይሁን ስምንት አናውቅም፤ ስለዚህ ወር እንጻፍ።

ወር የምንጽፍበት ሌላም ምክንያት አለ። አንዳንዶች ዓመቱን ብቻ በመጻፍ ክፍተቱን ለማጥበብ ይሞክራሉ። የጥቂት ወራት ክፍተት ከሆነ እኛም አንቃወምም። የዓመታት ክፍተት ግን በዚህ አይሸፈንም፤ ከሲቪው ጋር የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይያያዛልና፤ ደብዳቤው ደግሞ ቀንና ወር ይጠቅሳል። ብዙ ማስታወቂያዎችም ከግል ድርጅት የተገኘ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑ እንዲረጋገጥ ይጠይቃሉ። የጡረታ መዋጮም የተከፈለባቸው ወራት ተመዝግበው ይገኛሉ። በሲቪው ላይ አንድ ዓመት የጨመረች ሴት ዋናው ከቅጂው ጋር ሲመሳከር ትያዛለች። ያን ጊዜ የምትጠየቀው ስለ ክፍተቱ ሳይሆን ስለ ታማኝነቷ ነው፤ ለገንዘብ ያዥ ደግሞ ከዚህ የከፋ ጥያቄ የለም።

ደብዳቤው የሌላችሁ ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤታችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት አሠሪው ያለክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ደብዳቤውን ስትቀበሉ የለቀቃችሁበትን ምክንያት እንዴት እንደጻፈው እዩ። ብዙውን ጊዜ «በራሷ ፈቃድ» ይላል። በማመልከቻ ቅጽ ላይ የለቀቁበት ምክንያት የሚል ቦታ ሲያጋጥማችሁ እናንተም «በራስ ፈቃድ፣ በቤተሰብ ኃላፊነት ምክንያት» በሉ፤ ያኔ ሁለቱ ወረቀቶች አይጋጩም።

አሁን ወደ ሕመሙ እንምጣ። እኅታችን በመጀመሪያ የጻፈችው ዐሥራ አንድ መስመር ነበር። ስትሮኩ፣ የሆስፒታሉ ምልልስ፣ ወንድሞቿ አለማገዛቸው፣ የእናቷ ዕረፍት ሁሉም አለበት። ስናነበው ዕንባችን መጣ። ቢሆንም ሲቪ አንድ ሰው አንብቦ የሚያስቀምጠው ደብዳቤ አይደለም። ጸሐፊዋ ትቀበለዋለች፣ የሰው ኃይል ክፍሉ ያባዛዋል፣ ኮሚቴው ይቀባበለዋል፤ ባትቀጠሪም ቅጂው እዚያው ፋይል ውስጥ ይቀራል። የወንድምሽ ነገር ለማን እንደሚደርስ አታውቂም። የራስሽ ሕመም ሲሆን ደግሞ ወሬው ሰፈርሽ ድረስ ሊመጣ ይችላል። ዐሥራ አንዱን መስመር እንዲህ አሳጠርነው፦

«ከሰኔ 2012 እስከ ጥር 2016፦ በቤተሰብ እንክብካቤ ምክንያት ከሥራ ውጪ። ኃላፊነቱ ተጠናቋል።»

ይኸው ነው። ሁለተኛዋ ዐረፍተ ነገር ትንሽ ብትመስልም የመጀመሪያውን ጥያቄ የምትመልሰው እሷ ናት። ያራቀው ምክንያት ገና ካላበቃ ግን «ተጠናቋል» ብለን አንጻፍ። አሁንም አባቷን የምታስታምም እኅት ሙሉ ቀን መሥራት የምትችለው የሚያግዝ ሰው ካገኘች ነው፤ ያ ሰው ሳይገኝ ብትቀጠር በሁለተኛው ሳምንት መቅረት ትጀምራለች። ቀድማ መስተካከል ያለበት የቤቱ ነገር ነው።

መስመሯን የት እናስገባት? በሥራ ልምድ ዝርዝር ውስጥ፣ በጊዜ ተራዋ። ከላይ ግን ስምንት ዓመት ከሰባት ወር የሒሳብ ሥራ ልምድ እንዳላት በግልጽ ይጻፍ። ክፍተት ያለፈውን ልምድ አይሰርዝም። «አራት ዓመት ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ስታይ ብዙ ዓመት ስለተቀመጥኩ አይመለከተኝም ብላ አልፋው ነበር፤ ደብዳቤዋ ግን ከእጥፍ በላይ ይቆጥርላታል።

ለራሳችን ሕመም ሲሆን «ለጤና እረፍት፤ አሁን ለሥራ ዝግጁ» ማለት በቂ ነው። የሕክምና ወረቀት ከሲቪ ጋር አናያይዝ። የጤና ምስክር የሚፈልግ ቀጣሪ ከመረጠን በኋላ ራሱ ይጠይቃል።

ከቤይሩት ወይም ከሪያድ ለተመለስን ደግሞ እነዚያ ዓመታት ክፍተት አይደሉም፤ የሠራንባቸው ዓመታት ናቸው። «የቤት ውስጥ ሥራ፣ ቤይሩት» ብለን ከዓመቱ ጋር በአንድ መስመር እንጻፍ። ዐረብኛውን በቋንቋ ክፍል እናስገባው፤ ለሱቅና ለእንግዳ መቀበያ ሥራ ይፈለጋል። እንዴት እንደወጣን፣ ፓስፖርታችንን ማን እንደያዘው፣ ስንት ወር ደመወዝ እንደተከለከልን ግን በሲቪ ላይ ቦታ የለውም። ደብዳቤ ስለማይኖረን በማስታወቂያው ከሚጠየቀው የልምድ ዘመን ጋር አንደምረው።

የቀረው ቃለ መጠይቁ ነው። እኛ ዘንድ አንድ ልዩ ነገር አለ። «እናቴ ዐረፈች» ያልን እንደሆነ ጠያቂዎቹ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላሉ፣ አንዳቸው መቼ እንደሆነ ይጠይቃሉ፣ ክፍሉ ለቅሶ ቤት ይሆናል። ከዚያ ወደ ባንክ ማስታረቂያና ወደ ቫት መመለስ ይከብዳል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ ባህላችን ነው። ስለዚህ እኅታችን የተለማመደችው መልስ ይህ ነው፦

«ከ2012 እስከ 2016 የቤተሰብ ኃላፊነት ነበረብኝ፤ አሁን አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ የማኅበራችንን የቁጠባ መዝገብ እይዛለሁ። የደመወዝ ግብሩ ሲቀየርም አዲሱን ስሌት ተምሬያለሁ።»

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ሦስተኛውን ጥያቄ ትመልሳለች። ሥራ ስትለቅ ከግብር ነፃ የነበረው ወርኃዊ ደመወዝ 600 ብር ነበር፤ በ2017 መጨረሻ በወጣው ማሻሻያ 2,000 ብር ሆኗል። የድሮውን ሠንጠረዥ ይዛ ብትቀመጥ አንድ የፈተና ጥያቄ ብቻ ባዶውን ዓመት ይገልጠው ነበር። አዲሱን ይዛ ስትገባ ግን ጠያቂዎቹ ወደ ስሌቱ ያልፋሉ። በሌላ ሙያ ያላችሁም ከሄዳችሁበት ጊዜ ወዲህ የተለወጠውን አንድ ነገር ፈልጋችሁ ያዙ።

ጠያቂው «ምን ዓይነት ኃላፊነት ነው?» ቢል ፊት ማጥቆር አያስፈልግም። «ወላጅ ማስታመም ነበር፤ ዝርዝሩን ብተወው ደስ ይለኛል፣ ሥራዬን የሚነካ ነገር ግን የለም» ማለት ይቻላል። ከዚያ ዝም ማለት ነው። ዝምታው ሲከብደን ብዙ የምናወራው እኛ ነን።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ባዶ ዓመት ሲያዩ ማመልከቻውን ወደ ጎን የሚያደርጉ አሉ። እኅታችን እስካሁን ሦስት ቦታ አመልክታለች፤ አንዱ አልጠራትም፣ አንዱ ፈትኗት ሌላ ሰው ወሰደ፣ የሦስተኛውን መልስ እየጠበቀች ነው።

በማኅበራችን በበጎ ፈቃድ የምታገለግሉ የአገልግሎት ደብዳቤ መውሰድ ትችላላችሁ። ደብዳቤው የሚጽፈው የሠራችሁትንና የጀመራችሁበትን ወር ብቻ ነው፤ ያለ ደመወዝ መሆኑንም ይገልጻል። ሲቪያችሁን ለማሳየት ስትመጡ ዲፕሎማችሁንና የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን ዋናውን ይዛችሁ ኑ፤ ዓመቶቹን ከዋናው ላይ አንድ በአንድ እንቀይራቸዋለን።