ለባልደረባችን የላክነው የሐዘን ደብዳቤ
(በወርኃዊ ስብሰባችን የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናካፍላችሁ፣ ገንዘብ ያዣችን እናቷ ባረፉባት ጊዜ የላክንላትን ደብዳቤ እንዴት እንዳቃናነው ነው። ቀብሩ ሩቅ ገጠር ስለነበረ ሁላችንም ለቅሶ መድረስ አልቻልንም፤ ደብዳቤውን የሄዱት ሁለት እህቶች ይዘውላት ሄዱ።

መጀመሪያ የተረቀቀው እንዲህ የሚል ነበር፦

«በወላጅ እናትዎ ሕልፈተ ሕይወት ማኅበሩ የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን እየገለጸ፣ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ መጽናናትን ይመኛል።»

አማርኛው የተስተካከለ ነው፤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍም ያምራል። ነገር ግን ለማንም ሐዘንተኛ ቢላክ ያስኬዳል፤ የእርሷ የሆነ አንድም ቃል የለበትም።

ስለዚህ ከአጠራሩ ጀመርን። ዘወትር «አንቺ» የምንላትን እህት በሐዘኗ ቀን «እርስዎ» ስንላት እንደ ባዳ ያርቃታል። እናቷን ግን በአክብሮት «እሳቸው» አልን። ቀጥሎ «ማኅበሩ» የሚለውን አወጣን፤ ያዘንነው እኛ ነንና «አዘንን» ብለን ጻፍን።

ከመካከላችን አንዷ «ዕድሜ ጠግበው ነው ያረፉት» የሚል እንጨምር አለች። ተወያይተን ተውነው። ይህን ልጅ ራሷ ብትለው መጽናኛ ነው፤ ሌላ ሰው ሲለው ግን «አታልቅሺ» እንደማለት ይሰማል። በእሱ ፈንታ ስለ እናቷ የምናውቀውን አንድ እውነት አስገባን።

በመጨረሻም «የምንረዳሽ ነገር ካለ ንገሪን» የሚለውን ተውን። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ሥራ አስባ አታዝም፤ የምንሠራውን ራሳችን ቆርጠን ነገርናት። የተላከው ይህ ነው፦

«እህታችን፣ እማማ ማረፋቸውን ስንሰማ በጣም አዘንን። ወደ ከተማ በመጡ ቁጥር ለስብሰባችን ቆሎ ቆልተው ይልኩልን ነበር፤ እኛንም ‹ልጆቼ› ይሉን ነበር። እስክትመለሺ መዝገቡን ሁለት እህቶች ይዘውታል፤ ስለ እሱ አታስቢ። ስትመለሺ ሁላችንም እቤትሽ እንመጣለን። ነፍሳቸውን ይማር፤ አንቺንም እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ሐዘንተኛዋ ሙስሊም እህታችን ብትሆን ኖሮ መዝጊያው «አላህ ይዘንላቸው፤ ለአንቺም ሰብሩን ይስጥሽ» ይሆን ነበር።

አንድ ነገር እናስታውስ። በስልክ የምንልክ ከሆነ፣ መርዶው ለሐዘንተኛዋ መነገሩን ከቅርብ ዘመድ ሳናጣራ አንላክ። ሽማግሌዎች ቤቷ ሄደው ሊያረዷት ሲዘጋጁ፣ የእኛ «ነፍስ ይማር» ቀድሞ ብቻዋን ሳለች ሊያረዳት ይችላል። ደብዳቤውም ቢሆን ለቅሶ መድረስን አይተካም፤ እስክንደርስ ድረስ ቦታችንን ይይዝልናል እንጂ።