አንዴ ጠርቶ የተዘጋ ስልክ
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ከሒሳብ ክፍል የመጣነው ስለ ቁጠባና ብድር ለመናገር አይደለም፤ ስለ ሚስኮል ነው። በእኛ ዘንድ ሚስኮል ነውር የለውም። ካርድ ያለቀበት ሰው «ደውሉልኝ» የሚልበት መንገድ ነው። ስለዚህ የማናውቀው ቁጥር አንዴ ጠርቶ ሲዘጋ እጃችን ወዲያው መልሶ ለመደወል ይፈጥናል። ልጆቻችን ዓረብ አገር ያሉብን እናቶችማ ጭራሽ አያስችለንም። አንዳንድ አጭበርባሪዎች የሚያጠምዱት ይህንኑ ልማዳችንን ነው።

በመጀመሪያ ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚሄድ እንይ። ይህ ማጭበርበር «ዋንጊሪ» ይባላል፤ ቃሉ ጃፓንኛ ሲሆን «አንዴ ጠርቶ መቁረጥ» እንደ ማለት ነው። አጭበርባሪው በውጭ አገር ኮድ የሚጀምር፣ መደወያው ውድ የሆነ ቁጥር ይይዛል። ወደዚያ ቁጥር ሰው በደወለ ቁጥር ከሚከፈለው ሒሳብ ድርሻ ያገኛል። ከዚያ በኮምፒውተር ለብዙ ሺህ ስልኮች አንዳንድ ጊዜ ያስጠራና ሳይነሳ ይዘጋል። ያልተነሳ ጥሪ ለእሱ ወጪ የለውም። ወጪው የሚጀምረው እኛ መልሰን ስንደውል ነው።

ለስሌት ያህል አንድ ደቂቃ 30 ብር ያስከፍላል እንበል። ሦስት ደቂቃ የቆየች ሴት 90 ብር ትከፍላለች። ለ90 ብር ክስ የሚመሠርት የለም። አንድ ሺህ ሰው እንዲሁ ሲያደርግ ግን 90 ሺህ ብር ነው። ለዚህም ነው በመስመሩ ላይ ሊያቆዩን የሚጥሩት፦ ሙዚቃ ያሰማሉ፣ «ይጠብቁ» የሚል ድምፅ ያጫውታሉ። አንዳንዴም የተቀዳ የጥሪ ድምፅ ያሰማሉ፤ እኛ ገና እየጠራ ይመስለናል፣ ሒሳቡ ግን ይቆጥራል። ይህን የምናውቀው የስልኩን መስታወት በማየት ነው። ጆሯችን «እየጠራ ነው» ሲለን መስታወቱ ላይ ሰኮንድ መቁጠር ከጀመረ፣ ስልኩ ተነሥቷል ማለት ነው፤ ወዲያው እንዝጋው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንለይ። አገራችን ሆነን የመጣ ጥሪ ማንሣት አያስከፍልም። ስለዚህ ያው ቁጥር ደግሞ ቢጠራ ማንሣት እንችላለን። ሁለተኛ፣ «መልሰሽ ከደወልሽ ከባንክ ያለሽን ይወስዱታል» የሚባለው ልክ አይደለም። በመደወል ብቻ የሚሄደው የስልክ ሒሳባችን ነው። የባንክ ገንዘብ የሚሄደው በንግግር መካከል የምስጢር ቁጥራችንን ስንናገር ነው። ይህ ከአገር ውስጥ ቁጥር የሚደውሉት «ሽልማት ደርሶሻል» ባዮች ሥራ ነው።

አሁን ወደ ውሳኔው እንምጣ። መጀመሪያ የምናየው የቁጥሩን መነሻ ነው። በ09፣ በ07 ወይም በ+251 የሚጀምር ከሆነ የአገር ውስጥ ነው፤ መልሰን ብንደውል የምንከፍለው የተለመደውን ሒሳብ ነው። በሌላ ኮድ የሚጀምር ከሆነ ግን ሦስቱንም አኃዝ ለየብቻ እናንብብ። +252 የእኛ +251 ይመስላል፣ ነገር ግን የሶማሊያ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ልጇ ኩዌት የምትሠራ አንዲት አባል አለችን እንበል። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ በ+960 የሚጀምር ቁጥር አንዴ ጠርቶ ተዘጋባት። የኩዌት ኮድ +965 ነው። +960 የማልዲቭስ ደሴቶች ነው። በእንቅልፍ ዓይን ሲታይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ይህች እናት ማልዲቭስ የምታውቀው ሰው የላትም፤ ስለዚህ ውሳኔው ቀላል ነው። አትደውልም፣ ቁጥሩን ታግደዋለች። ልቧ ካልረጋ ልጇን በምታውቀው ቁጥር «ደህና ነሽ ወይ?» ብላ ትጠይቃለች። ሰዓቱ ሌሊት መሆኑ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ኩዌትና እኛ ሰዓታችን አንድ ነው፤ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ደግሞ ስልክ የምታገኘው ሁሉ ሲተኛ ሊሆን ይችላል።

ከሳምንት በኋላ ደግሞ በ+965 የሚጀምር የማታውቀው ቁጥር ጠርቶ ተዘጋ እንበል። ይህኛው ከበድ ይላል። ልጂቱ ስልኳ ተሰብሮ የጓደኛዋን ተውሳ ሊሆን ይችላል። የአሠሪዋን ስልክ በድብቅ አንሥታም ሊሆን ይችላል። እናት ቸኩላ ብትደውልና አሠሪዋ ብታነሣው፣ ጣጣው ከ90 ብር ይከፋል፤ የሚከፍለውም ልጅቱ ናት።

ስለዚህ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ በልጂቱ በራሷ ቁጥር አጭር የሰላምታ መልእክት እንልካለን፤ ሌላ ሰው ቢያየው የማይጎዳት ዓይነት ይሁን። ቀጥሎ እዚያው ከተማ ያለች ጓደኛዋን ወይም ዘመዷን እንጠይቃለን። ያው ቁጥር ደግሞ ከጠራ እናነሣዋለን። በማግስቱም ምንም ካልተሰማ መልሶ መደወል ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ጥቂት ብር ብቻ ባለው ቅድመ ክፍያ ሲም ይሁን። ቀሪ ሒሳባችን 50 ብር ከሆነ ቢበዛ የሚሄደው 50 ብር ነው። በምንደውልበት ጊዜ የልጂቱን ስም አንጥራ፣ ያነሣው ሰው በመጀመሪያ ይናገር። የማናውቀው ድምፅ ከሆነ «ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ» ብለን እንዝጋ።

ይህን ሁሉ የሚያቀልልን አስቀድሞ መነጋገር ነው። ከልጆቻችን ጋር ምልክት እንወስን፦ ከሰው ስልክ የምትደውል ልጅ ተከታትላ ሁለት ጊዜ ትጥራ፣ ከቻለችም የቤት ስሟን በጽሑፍ ትላክ። የኮምፒውተሩ ጥሪ የቤት ስሟን አያውቅም። የጓደኞቿንም ቁጥር ከነ+965ቱ ዛሬውኑ ስልካችን ላይ እንመዝግብ።

በመጨረሻ የማኅበሩን ስልክ በተመለከተ። ይህ ወጪ ከእናንተ መዋጮና ከደጋፊዎቻችን እርዳታ የሚሸፈን ነው። ድህረ ክፍያ መስመር ላይ ቀሪ ሒሳብ ሲያልቅ የሚቆም አጥር የለም፤ ጉዳቱ የሚታየው በወሩ መጨረሻ ደረሰኝ ሲመጣ ነው። ስለዚህ በቢሮው ስልክ ላይ ለማይታወቅ የውጭ ቁጥር መልሶ እንዳይደወል ሐሳብ እናቀርባለን። ቁጥሩ፣ ቀኑና ሰዓቱ መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ ከደጋፊ የመጣ ከሆነ በኢሜይል ይጠየቅ። ሳታውቅ መልሳ የደወለች አባል ካለች፣ ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነች በ*804# ቀሪ ሒሳቧን ትይ፤ የጎደለውን ከቁጥሩ ጋር ይዛ ወደ 994 ትደውል። የተወሰደው ላይመለስ ይችላል፣ ቁጥሩ ግን ይመዘገባል።

ከዛሬው ስብሰባ በኋላ ልጅ ውጭ አገር ያላችሁ እናቶች ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ እኛ ጠረጴዛ ኑ። ኮዱን አብረን እናነባለን፣ ቁጥሮቹንም አብረን እንመዘግባለን።