ከዌቢናር ግልባጭ ጥያቄና መልስ ሲወጣ

ስለ ዲቪ ሎተሪ አመዘጋገብ የአንድ ሰዓት ዌቢናር ተካሄደ እንበል። ንግግሩ ወደ ጽሑፍ ተገልብጧል። ከዚያ ውስጥ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቃቸውን ከነመልሳቸው እንዴት እናወጣለን?

የጥያቄ ምልክት እየፈለጉ መልቀም ብዙ ያስቀራል። አንዲት እናት በ12ኛው ደቂቃ «ልጄ አብሮኝ አይሄድም፤ ቅጹ ላይ ምን እንደማደርግ ግራ ገብቶኛል» ብትል፣ ምልክት ባይኖረውም ጥያቄ ነው። አቅራቢው «አዎ፣ ይመዝገብ» ብሎ ያልፋል። በ31ኛው ደቂቃ ግን ወደ ነገሩ ተመልሶ «የአሜሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ካልሆነ ነው» ይላል። የመጀመሪያውን ብቻ የወሰደ አዘጋጅ ግማሽ መልስ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ጥያቄው ሲገኝ፣ ስለ ልጆች የተባለውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ማሰስና የየደቂቃውን ቁጥር መያዝ ያስፈልጋል።

ከዚያ ጥያቄውና የተሰበሰበው መልስ ይጣመራሉ፦ «አብሮኝ የማይሄድ ልጅ ይመዘገባል ወይ?» መልሱ፦ «ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች የሆነና ያላገባ ልጅ፣ ባይሄድም ይመዘገባል፤ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ከሆነ ግን ግዴታ አይደለም።» ዕድሜውንና ጋብቻውን አቅራቢው ካልጠቀሰ፣ ከመንግሥት መመሪያ ተረጋግጦ ይጨመራል እንጂ በግምት አይሞላም። የእናቲቱ ስምና የቤተሰቧ ጉዳይ ግን አይካተትም።

በቻት የተጻፉ ጥያቄዎች በድምፅ ግልባጩ ውስጥ አይገኙም፤ ለብቻቸው መቀመጥ አለባቸው። መልስ ያላገኙትም ተለይተው ለአቅራቢው ይላኩ።